የልጅነት ቁርኝት እና በአዋቂነት የሚተወው አሻራ

ቁርኝት ማለት ሕፃን ሲፈራ፣ ሲያመው ወይም ሲደክመው መጽናኛ ፍለጋ ወደ አሳዳጊው እንዲጠጋ የሚያደርገው ስሜታዊ ትስስር ነው። አሳዳጊው እናት፣ አባት፣ አያት ወይም ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ሕፃኑ በተደጋጋሚ ከሚያገኘው ምላሽ «ስፈልግ የሚደርስልኝ ሰው አለ ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይማራል።

በሕፃናት ላይ እንዴት ይታወቃል?

የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ አይንስወርዝ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በኡጋንዳ እናቶችንና ሕፃናትን በየቤታቸው ተከታትላለች። በኋላም በአሜሪካ፣ ባልቲሞር አንድ የምልከታ ዘዴ አዘጋጀች። በዚህ ዘዴ እናት የአንድ ዓመት ገደማ ልጇን ክፍል ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ትታ ትወጣና ትመለሳለች። ዋናው ነገር የልጁ ማልቀስ ሳይሆን እናቱ ስትመለስ የሚያደርገው ነው።

- አስተማማኝ ቁርኝት፦ ወደ እናቱ ይሄዳል፣ ይጽናናል፣ ወደ ጨዋታው ይመለሳል።
- ስጋት የሚበዛበት ቁርኝት፦ እቀፉኝ ይላል፤ ሲያቅፉት ግን ይቆጣል፣ ቶሎም አይረጋጋም።
- የመራቅ ቁርኝት፦ ፊቱን ያዞራል። ግድ የሌለው ቢመስልም የልብ ምቱ ሲለካ መጨነቁ ይታያል።

አሳዳጊው ራሱ ልጁን የሚያስፈራ ሲሆን ደግሞ ልጁ መቅረብም መራቅም ግራ ሊያጋባው ይችላል። ይህ የተዘበራረቀ ቁርኝት ይባላል።

በአዋቂነትስ?

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ባል ሥራ ላይ ውሎ ሳይደውል ያመሻል። ሚስት «ትቶኝ ይሆን?» የሚል ስጋት ይይዛትና ደጋግማ ትደውላለች። እሱ ጥሪው ሲበዛበት ስልኩን ያጠፋል፤ ቤት ሲገባም ዝም ይላል። ዝምታው ስጋቷን ስለሚያብሰው ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች፤ እሱም ይበልጥ ይርቃል። እሷ «አይወደኝም»፣ እሱ «አትለቀኝም» ብለው ይደመድማሉ። እንደ ሕፃኑ ሁሉ ዝም ያለውም ሰው ውስጡ ሊጨነቅ ይችላል።

በጓደኝነትም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። ጓደኛ መልእክት ሳይመልስ ሲቀር አንዱ «ምን አጠፋሁ?» ብሎ እንቅልፍ ያጣል፤ ሌላው ደግሞ ሲቸገር እንኳ ለማንም አይናገርም።

ምን ማድረግ ይቻላል?

መራቅ የሚቀናው ሰው ዝም ብሎ ከመውጣት ይልቅ «አሁን ደክሞኛል፤ እራት ከበላን በኋላ እንነጋገር» ይበል፤ ባለው ሰዓትም ይመለስ። ስጋት የሚይዘው ሰው ደግሞ ከመውቀስ ይልቅ «ሳትደውል ስትቀር እፈራለሁ» ብሎ ስሜቱን ይናገር። ጠብን ጨርሶ ማስቀረት ባይቻልም ከጠብ በኋላ ተመልሶ መገናኘት ይቻላል።

ልብ ሊባል የሚገባው

የቁርኝት ዓይነት በሽታ አይደለም። አንድ ሰው ከአንዱ ጋር ተረጋግቶ ከሌላው ጋር ሊሰጋ ይችላል። ልጅነት ብቻውን የአዋቂን ግንኙነት አይወስንም፤ ከሚታመን ጓደኛ ወይም የትዳር አጋር ጋር የሚያሳልፉት ጊዜ፣ እንዲሁም የምክር አገልግሎት ሊለውጠው ይችላል። የትዳር አጋር በእርግጥ የሚዋሽ፣ የሚያስፈራራ ወይም የሚማታ ከሆነ ግን ስጋቱ የልጅነት አሻራ ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም። በቅድሚያ ደኅንነትዎን ይጠብቁ።

ጭንቀቱ እንቅልፍ፣ ምግብ ወይም ሥራ ከከለከለዎት፣ ወይም ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎት ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።