እንቁላል በውኃ ላይ መንሳፈፉ፣ መሰንጠቁና የደም ነጥብ መያዙ ምን ያመለክታል?

እንቁላል ለምግብነት ብቁ መሆኑን ለመለየት በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ክበብ ከሚሠራባቸው ዘዴዎች መካከል በውኃ ውስጥ አስገብቶ መመልከት በቀዳሚነት ይጠቀሳል። በዚሁ ዘዴ የሰጠመው ደህና፣ የተንሳፈፈው ደግሞ የተበላሸ ተደርጎ ይወሰዳል። ሲሰበር የደም ነጥብ የታየበት እንቁላል ብዙውን ጊዜ ያለ ማመንታት ሲወገድ፣ የተሰነጠቀው ግን በቅናሽ ዋጋ ተገዝቶ ወደ ማዕድ ቤት የሚገባበት አጋጣሚ አለ። ይሁንና የሦስቱ ምልክቶች ትክክለኛ ትርጉም ሲመረመር ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚያሻው ለደም ነጥቡ ሳይሆን ለስንጥቁ ሆኖ ይገኛል።

የእንቁላል ቅርፊት ለዓይን በማይታዩ በሺዎች የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች ያሉት ነው። እንቁላሉ ከተጣለበት ዕለት ጀምሮ በነዚህ ቀዳዳዎች በኩል ውኃው በትነት መልክ ይወጣል፤ በምትኩ አየር ይገባል። የገባው አየር በአብዛኛው በእንቁላሉ ሰፊ ጫፍ በኩል፣ ከቅርፊቱ ሥር በሚገኙት ሁለት ስስ ሽፋኖች መካከል ይጠራቀማል። የእንቁላሉ መጠን ሳይለወጥ ክብደቱ ብቻ እየቀነሰ ስለሚሄድ ከጊዜ በኋላ ከውኃ ቀልሎ ይንሳፈፋል። በመሆኑም አዲስ እንቁላል በውኃው ወለል ላይ በጎኑ ይጋደማል፤ ሰንበት ያለው ሰፊ ጫፉን ወደ ላይ ያነሳል፤ ይበልጥ የቆየው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ እጅግ የቆየው ይንሳፈፋል።

ይህ ሂደት በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። አዲስ ሲሆን 60 ግራም የሚመዝን እንቁላል ከእኩል መጠን ውኃ በግምት 8 በመቶ ይከብዳል። ለመንሳፈፍ ከክብደቱ 4 ግራም ተኩል ያህል ማጣት ይኖርበታል። በቀዝቃዛ ስፍራ ተቀምጦ በቀን 0.15 ግራም ቢያጣ እዚህ ደረጃ ላይ ለመድረስ 30 ቀናት ይፈጅበታል። በሞቃትና ደረቅ መጋዘን ውስጥ በቀን 0.30 ግራም ቢያጣ ግን በ15 ቀናት ይንሳፈፋል። ስለሆነም መንሳፈፍ የእንቁላሉን ዕድሜና አያያዝ በአንድነት የሚያሳይ እንጂ የተጣለበትን ቀን ለይቶ የሚናገር አይደለም።

ከዚህም በላይ የውኃው ሙከራ ስለ ተሕዋስያን የሚገልጸው ነገር የለም። የአንጀት ሕመም የሚያስከትለው ሳልሞኔላ የተባለው ባክቴሪያ ከዶሮዋ የመራቢያ አካል ወደ እንቁላሉ ውስጥ ሊገባ ስለሚችል፣ በዕለቱ የተጣለና በሚገባ የሰጠመ እንቁላል በሽታ አምጪ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ የተንሳፈፈ እንቁላል ያረጀ ቢሆንም ሁልጊዜ የገማ አይደለም። የመጨረሻው ማረጋገጫ እንቁላሉን በተለየ ሳህን ላይ ሰብሮ ማሽተትና መመልከት ነው። መጥፎ ሽታ ያለው፣ ነጩ ክፍል ወደ ሮዝ ወይም አረንጓዴ የተለወጠ፣ ወይም ውስጡ የጠቆረ እንቁላል ሳይቀመስ መወገድ ይገባዋል።

የቅርፊቱ ሁኔታ ሌላው መመዘኛ ነው። ዶሮ እንቁላል ስትጥል ቅርፊቱን የሚሸፍን ስስ ልባስ አብሮ ይወጣል። ይህ ልባስ ቀዳዳዎቹን በመድፈን የተሕዋስያንን መግባት ያዘገያል። እንቁላልን አጥቦ ማስቀመጥ ልባሱን ያስወግዳል፤ በተለይም ሞቅ ያለ እንቁላል በቀዝቃዛ ውኃ ሲታጠብ ውስጡ ስለሚኮማተር በቅርፊቱ ላይ ያለውን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይስባል። በውኃ የተሞከረ እንቁላልም ልባሱ ሊጎዳ ስለሚችል ተመልሶ ወደ መጋዘን ሳይገባ በዚያው ዕለት ቢበስል ይመረጣል።

ስንጥቅ ይህን መከላከያ ሙሉ በሙሉ ያፈርሳል። ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ስስ ሽፋኑ ያልተቀደደ እንቁላል ፈሳሽ ስለማያወጣ ደህና ይመስላል፤ ሆኖም በኩስና በአቧራ የሚገኙ ተሕዋስያን መግቢያ አግኝተዋል። ቀጭን ስንጥቅ ሁለት እንቁላሎችን በቀስታ በማጋጨት ከሚሰማው የደነዘዘ ድምፅ፣ ወይም በባትሪ ብርሃን ፊት ሲያዝ ከሚታየው ነጣ ያለ መስመር ይለያል። ከገበያ ተሰንጥቆ የቀረበ እንቁላል መቼ እንደተሰነጠቀ ስለማይታወቅ አለመግዛት ይበጃል። በጉዞ ላይ የተሰነጠቀው ወዲያውኑ በንጹሕ ዕቃ ተሰብሮና ተከድኖ በማቀዝቀዣ ከተቀመጠ በሁለት ቀናት ውስጥ በሚገባ በስሎ ሊበላ ይችላል። በመቀቀል ላይ እያለ የፈነዳ እንቁላል ግን አያሰጋም።

የደም ነጥብ ከሁሉ ይበልጥ በተሳሳተ መንገድ የሚተረጎም ምልክት ነው። ነጥቡ የሚፈጠረው አስኳሉ ከእንቁልጢው በሚለቀቅበት ጊዜ አንዲት ትንሽ የደም ሥር ስትበጠስ ነው። ጫጩት መፈጠር መጀመሩን አያሳይም፤ ከአውራ ዶሮ ጋር ተገናኝታ በማታውቅ ዶሮ እንቁላል ላይም ይታያል። ነጥቡ በንጹሕ ማንኪያ ጫፍ ተነስቶ ቀሪው ሲበስል በጤና ላይ ጉዳት አያደርስም። እንዲያውም እንቁላሉ ሲሰነብት ነጥቡ እየደበዘዘ ስለሚሄድ ጎልቶ የሚታይ ነጥብ ብዙውን ጊዜ በአዲስ እንቁላል ላይ ይገኛል።

ሆኖም ከአውራ ዶሮ ጋር የሚውሉ የሀበሻ ዶሮዎች እንቁላል በአብዛኛው ለጫጩትነት የሚበቃ በመሆኑ፣ ታቅፎ የቆየ ወይም በከፍተኛ ሙቀት የተቀመጠ ከሆነ ጽንሱ ማደግ ሊጀምር ይችላል። በዚህ ጊዜ በአስኳሉ ላይ የሚታየው አንድ ነጥብ ሳይሆን እንደ መረብ የተዘረጉ የደም ሥሮች ወይም የደም ቀለበት ነው። እንዲህ ያለው እንቁላል፣ እንዲሁም ነጩ ክፍሉ በሙሉ በደም የተበከለው፣ ለምግብነት አይውልም።

ለአብነት 30 እንቁላል የተረከበን የአንድ መሥሪያ ቤት ክበብ መውሰድ ይቻላል። ወጥ ቤቱ በቅድሚያ እያንዳንዱን በብርሃን ሲመለከት አንድ የተሰነጠቀ አግኝቶ ወደ ውኃ ሳያስገባ ለአቅራቢው ይመልሳል። በዕለቱ የሚበስሉትን ቀሪ 29 እንቁላሎች ጨው ባልገባበት ውኃ ሲሞክር 21 ይጋደማሉ፤ 6 ይቆማሉ፤ 2 ይንሳፈፋሉ። ጨው የገባበት ውኃ ከንጹሕ ውኃ ስለሚከብድ ደህናውን እንቁላል ሊያንሳፍፍ ይችላል። ክበቡ ብዙ ሰው የሚመግብ እንደመሆኑ ሁለቱን ተንሳፋፊዎች ያስወግዳል። የቆሙትን ስድስቱን አስቀድሞ፣ እያንዳንዱን በተለየ ሳህን እየሰበረ ይጠቀማል። ከተጋደሙት በአንዱ ላይ የደም ነጥብ ቢያገኝ ነጥቡን አንስቶ እንቁላሉን ከሌሎቹ ጋር ይቀላቅላል።

በዐቢይ ጾም ወቅት የእንቁላል ገዢ ስለሚቀንስ በየቤቱና በየነጋዴው የተጠራቀመው ለፋሲካ ገበያ ሊቀርብ ይችላል። የውኃው ሙከራ ይበልጥ የሚያገለግለው በእንዲህ ዓይነቱ ወቅት ነው። ከተሕዋስያን የሚጠብቀው ግን ሙቀት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ምግብ ውስጡ ቢያንስ 70 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እንዲደርስ የሚመክር ሲሆን፣ ይህም በእንቁላል ረገድ ነጩም ሆነ አስኳሉ እስኪረጋ ድረስ ማብሰል ማለት ነው። በተለይ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮች፣ አረጋውያንና ሕሙማን የሰጠመውንም እንቁላል ቢሆን ጥሬውን ወይም ለብ ለብ ተደርጎ ሊመገቡ አይገባም።