«ነፃ ነው» ተብሎ በወረደ ሙዚቃ ላይ ክሌም ሲመጣ ምን ይደረጋል?

ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮ ጭናችሁ ብዙም ሳይቆይ «Copyright claim» የሚል መልእክት ከመጣባችሁ፣ ቪዲዮውን ለማጥፋትም ሆነ ለመከራከር አትቸኩሉ። መጀመሪያ መልእክቱን ከፍታችሁ አንብቡት። ብዙዎች ክሌምን ከስትራይክ ጋር አንድ አድርገው ስለሚያዩት ደንግጠው የሠሩትን ያጠፋሉ፤ ሌሎች ደግሞ ማስረጃ ሳይዙ ይከራከሩና ቀላሉን ነገር ያከብዱታል። ዛሬ ከኋላ ለምናስገባው ሙዚቃ የሚመጣ ክሌም እንዴት እንደሚሠራና በምን ቅደም ተከተል እንደሚያዝ እናያለን።

📌 ክሌም እና ስትራይክ ይለያያሉ

ክሌም የሚመጣው በአብዛኛው ከማሽን ነው። ዩቲዩብ ኮንተንት አይዲ የሚባል ሲስተም አለው። የሙዚቃና የፊልም ባለመብቶች ሥራቸውን እዚያ ያስመዘግባሉ፤ ሲስተሙም አዲስ የሚጫነውን ቪዲዮ ከተመዘገበው ጋር ያመሳክራል። ተመሳሳይ ነገር ካገኘ ባለመብቱ አስቀድሞ የመረጠውን ይፈጽማል። ወይ ቪዲዮው ይታገዳል፣ ወይ የማስታወቂያው ገቢ ለባለመብቱ ይሄዳል፣ ወይ ደግሞ ስንት ሰው እንዳየው ብቻ ይከታተላል። ጉዳዩ በዚያች ቪዲዮ ላይ ያበቃል፤ በአብዛኛው ቻናላችሁን አይነካም።

ስትራይክ ግን ባለመብቱ በሕግ መሠረት «ይሄ ይውረድልኝ» ብሎ አመልክቶ ዩቲዩብ ቪዲዮውን ሲያወርደው የሚመጣ ቅጣት ነው። የመጀመሪያው የኮፒራይት ትምህርቱን ወስዳችሁ 90 ቀን ሲሞላው ይነሳል። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ከደረሰ ግን ቻናሉ ሊዘጋ ይችላል። ቪዲዮውን ማጥፋት ስትራይኩን አያስነሳም።

📌 በምሳሌ እንየው

እንበል አንዲት ልጅ ስለ ጀበና ቡና አፈላል የ8 ደቂቃ ቪዲዮ ሠራች። ከመጀመሪያው እስከ 1:35 ድረስ ፒክሳቤይ ከሚባለው ድረ ገጽ ያወረደችው የጊታር ሙዚቃ ከኋላ ይሰማል። ሰኞ ጫነችው፣ የዚያኑ ቀን ክሌም መጣ።

ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ገብታ ከቪዲዮው ጎን ያለውን የኮፒራይት ማስታወቂያ ስትከፍት አራት ነገር ታገኛለች። የተጠየቀበት ሥራ ስም፣ ጠያቂው ማን እንደሆነ፣ ከስንት ደቂቃ እስከ ስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ በቪዲዮው ላይ ምን እንደተወሰነ። መጀመሪያ ደቂቃውን ከፍታ ታዳምጥ። 0:00 እስከ 1:35 ከሆነ የተያዘው ጊታሩ ነው ማለት ነው። 5:20 ላይ ቢሆን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ምናልባት ስትቀርፅ ከጎረቤት ሬዲዮ የገባ ዘፈን ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስላልተጠየቀበት ሙዚቃ ማስረጃ ይዞ ይከራከራል።

ቀጥሎ ያወረደችበትን ገጽ ትክፈት። የሙዚቃው ስምና የሠሪው ስም ክሌሙ ላይ ካለው ጋር ከገጠመ፣ ሠሪው ራሱ ወይም ሙዚቃውን የሚያከፋፍልለት ድርጅት ኮንተንት አይዲ ላይ አስመዝግቦታል ማለት ነው። ይሄ በነፃ ሙዚቃም የሚያጋጥም ነገር ነው። ሰውየው በነፃ እንድትጠቀሙ ፈቅዷል፤ ማሽኑ ግን ማን ፈቃድ እንዳለውና ማን እንደሌለው አያውቅም፣ ሁሉንም ይይዛል። እንዲህ ያሉ ሙዚቃዎች ላይ ፒክሳቤይ ምልክት ያደርጋል፤ የላይሰንስ ሰርተፊኬትም ያወርድላችኋል።

ስሙ ጨርሶ የማይገጥምበት ጊዜም አለ። አንድ ሌላ ሰው ያንኑ ሉፕ ወይም ቢት ወስዶ በላዩ ይዘፍንና ዘፈኑን ያስመዘግባል። ከዚያ ያንን ቢት የተጠቀመ ሁሉ ይያዛል። በዩቲዩብ ደንብ ኮንተንት አይዲ ላይ የሚመዘገበው ለብቻ የተያዘ መብት ያለበት ሥራ ብቻ ነው፤ ለሁሉም የተፈቀደ ሉፕ ማስመዝገብ አይቻልም። ስለዚህ እዚህ ላይ የእናንተ መከራከሪያ ጠንካራ ነው።

📌 «ሮያሊቲ ፍሪ» ማለት ባለቤት የሌለው ማለት አይደለም

ሮያሊቲ ፍሪ ማለት አንዴ ፈቃዱን ካገኛችሁ (በነፃም ይሁን ከፍላችሁ) በተጠቀማችሁ ቁጥር አትከፍሉም ማለት ነው። ባለቤቱ አሁንም ባለቤት ነው፣ ቅድመ ሁኔታም አለው። ክሪኤቲቭ ኮመንስ የሚባሉት ፈቃዶች ደግሞ በፊደል ይለያያሉ፦

🔹 CC BY፦ ተጠቀሙ፣ ገቢም አግኙበት፣ ግን የሠሪውን ስም፣ የሙዚቃውን ርዕስ፣ የፈቃዱን ስምና ሊንኩን ዲስክሪፕሽን ላይ ጻፉ። የኬቪን ማክሊዮድ ብዙ ሙዚቃዎች በዚህ ፈቃድ ነው ያሉት።
🔹 NC ካለበት፦ ለንግድ አይሆንም። ቪዲዮው ማስታወቂያ ወይም ስፖንሰር ካለው ተዉት።
🔹 ND ካለበት፦ ቀይሮ ማቅረብ አይፈቀድም። ሙዚቃን ከምስል ጋር ማጣመር በክሪኤቲቭ ኮመንስ አሠራር እንደ መቀየር ስለሚቆጠር ለቪዲዮ አይሆንም።
🔹 SA ካለበት፦ የእናንተንም ቪዲዮ በዚያው ፈቃድ መልቀቅ አለባችሁ።

ሌላ ልብ የማይባል ነገር አለ። ቲክቶክ ወይም ሾርትስ ውስጥ ከአፑ የመረጣችሁት ዘፈን የተፈቀደው እዚያው አፕ ላይ ነው። ቪዲዮውን አውርዳችሁ ሌላ ቦታ ስትጭኑት ፈቃዱ አብሮ አይሄድም። «ኮፒራይት የመጣስ ሐሳብ የለኝም» ብሎ መጻፍ፣ የዘፋኙን ስም መጥቀስ ወይም ከ10 ሰከንድ በታች መጠቀምም ፈቃድ አይሆንም።

ስለ ሀገራችን ዜማም እንጨምር። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ቅኝቶች ናቸው፤ ቅኝት የማንም የግል ንብረት አይደለም። ጓደኛችሁ በክራር በትዝታ ቅኝት የራሱን ዜማ ቢጫወትላችሁ መልካም ነው። የአንድን ድምፃዊ ወይም ባንድ ቅጂ መውሰድ ግን ሌላ ነው። ዜማና ግጥም አንድ መብት ነው፣ የተቀዳው ድምፅ ደግሞ ሌላ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። የድሮ ካሴቶችና ሸክላዎችም በድጋሚ ታትመው ስለሚሸጡ «የድሮ ነው፣ ማን ይጠይቀኛል» አያዋጣም።

📌 አሁን ሦስት መንገድ አለ

አንደኛው ክሌሙን እንዳለ መተው ነው። ቪዲዮው ካልታገደና ገቢ የማትጠብቁበት ከሆነ ምንም ማድረግ ላያስፈልግ ይችላል።

ሁለተኛው ሙዚቃውን ማውጣት ነው። ፈቃድ ከሌላችሁ ትክክለኛው መንገድ ይሄ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ የተያዘውን ክፍል መቁረጥ፣ ድምፁን ማጥፋት ወይም ዘፈኑን በሌላ መተካት ይቻላል። ተሳክቶ ሲያልቅ ክሌሙ ይነሳል፤ የቪዲዮው እይታና ኮሜንትም አይጠፋም። ምርጫው ስልካችሁ ላይ ካልታየ በብራውዘር studio.youtube.com ከፍታችሁ ወደ ዴስክቶፕ ገጽ ቀይሩት።

ሦስተኛው «Dispute» ነው። ይሄ ፈቃድ በእጁ ላለ ሰው ነው። የቡናዋ ልጅ ሰርተፊኬት ስላላት ምክንያቱን «License» ብላ ትመርጣለች። ማብራሪያው አጭር ይሁን፣ የሚያነበው ጠያቂው ስለሆነ በእንግሊዝኛ ቢጻፍ ይሻላል። ይዘቱ እንዲህ ነው፦ «ከ0:00 እስከ 1:35 ያለው ሙዚቃ ይህ ርዕስ ያለው፣ የእዚህ ሠሪ ሥራ ነው። በዚህ ቀን ከዚህ ሊንክ አውርጄዋለሁ። ፈቃዱ በቪዲዮ ውስጥ መጠቀምን ይፈቅዳል፤ የሰርተፊኬቱ ቁጥር ይሄ ነው። ክሌሙን እንድታነሱልኝ በትህትና እጠይቃለሁ።» በቃ። ስድብ፣ ዛቻ፣ «ደሃ ተማሪ ነኝ» የሚል ታሪክ አያስፈልግም። አንባቢው የሚፈልገው ማረጋገጥ የሚችለውን ነገር ነው።

ከገባ በኋላ ጠያቂው 30 ቀን አለው። ዝም ካለ ክሌሙ ይወድቃል። ገቢ ያለው ቪዲዮ ከሆነ ክሌሙ በመጣ በ5 ቀን ውስጥ ከተከራከራችሁ፣ ገንዘቡ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተይዞ ይቆይና ለረታው ይከፈላል። ዘግይታችሁ ከሆነ የሚያዘው ከተከራከራችሁበት ቀን ጀምሮ ብቻ ነው። ክሌሙ ሰኞ ከመጣ እስከ ዓርብ ጨርሱት።

ጠያቂው ካልተቀበለ ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ እሱ ላይ የመመለሻ ጊዜው 7 ቀን ነው። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ይግባኙንም ካልተቀበለ ቪዲዮው እንዲወርድ ማመልከት ይችላል፣ ያኔ ስትራይክ ይመጣል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው መልስ ሕጋዊ ማሳወቂያ ነው፤ ሙሉ ስማችሁንና አድራሻችሁን ይጠይቃል፣ ለጠያቂውም ይደርሳል። ስለዚህ ፈቃዱ በእጃችሁ ካለ ግፉበት፤ በግምት ከሆነ የተከራከራችሁት ግን እዚህ ሳትደርሱ ሙዚቃውን ቀይሩት።

📌 የፊልምና የቲቪ ቁራጭስ?

መርሁ ያው ነው፣ ግን «ፌር ዩዝ» የሚለው ቃል ያሳስታል። የአሜሪካ ሕግ ነው፣ ጉዳይ በጉዳይ የሚታይ እንጂ በሰከንድ የሚለካ አይደለም። የእኛም አዋጅ ከታተመ ሥራ መጥቀስን ይፈቅዳል፤ ምንጩ ከተገለጸና ለዓላማው ከሚያስፈልገው በላይ ካልተወሰደ ነው። ስለ አንድ ትዕይንት እየተነተናችሁ 8 ሰከንድ ማሳየትና ትዕይንቱን ለማሳመሪያ ከኋላ ማስሮጥ አንድ አይደሉም። ሁለተኛው መከራከሪያ የለውም።

📌 ከመጫናችሁ በፊት

ብዙ ራስ ምታት የማያመጣው ምንጭ የዩቲዩብ የራሱ ኦዲዮ ላይብረሪ ነው፤ ስቱዲዮ ውስጥ «Audio library» በሚለው ይገኛል። እዚያም ቢሆን የCC ምልክት ያለባቸው የሠሪውን ስም መጻፍ ይፈልጋሉ። ከሌላ ቦታ ስታወርዱ የዚያኑ ቀን የገጹን ሊንክ፣ ፈቃዱ የሚታይበትን ስክሪንሾትና ቀኑን ከሙዚቃው ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ። ገጹ ከስድስት ወር በኋላ ሊጠፋ ወይም ፈቃዱ ሊቀየር ይችላል። ከዚያ ቪዲዮውን መጀመሪያ «Private» አድርጋችሁ ጫኑትና የዩቲዩብን ምርመራ ጠብቁ። ክሌም ካለ ማንም ሳያየው ታስተካክሉታላችሁ።

አሁን ክሌም የመጣበት ቪዲዮ ያላችሁ ዝርዝሩን ከፍታችሁ ደቂቃውን አዳምጡ፤ ከሦስቱ መንገዶች የቱ የእናንተ እንደሆነ እዚያው ይታያችኋል።