ካማሪንስካያ

ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ ሚካይል ግሊንካ በ1848 እ.ኤ.አ. ዋርሶ ሳለ ለኦርኬስትራ የጻፈው አጭር ሥራ፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የሙዚቃ ብሔርተኝነት ዋና ምሳሌ። መሠረቱ ሁለት የሩሲያ ሕዝብ ዜማዎች ናቸው፤ አንዱ ዝግ ያለ የሰርግ ዘፈን፣ ሌላው ፈጣን የጭፈራ ዜማ።

በጀርመን ሲምፎኒ ልማድ ዜማ እየተቆራረጠና እየተለዋወጠ ያድጋል። የጭፈራው ዜማ ግን አጭርና ዘወትር ወደ ራሱ ተመላሽ ስለሆነ፣ ሲቆራርጡት መልኩን ያጣል። ስለዚህ ግሊንካ ዜማውን እምብዛም ሳይነካ በአሥሮች ለሚቆጠር ጊዜ ደጋገመው፤ የለወጠው አጃቢውን፣ መሣሪያዎቹንና የድምፆቹን ውሕደት ነው። ባለ አውታር መሣሪያዎቹም አልፎ አልፎ ቀስቱ ቀርቶ በጣት እየተመቱ የባላላይካን ድምፅ ያስታውሳሉ። ትልቁ ግኝቱ ይህ ነው፦ ሩሲያዊነቱ የመጣው ከተዋሰው ዜማ ብቻ ሳይሆን፣ ዜማውን ከያዘበት መንገድም ጭምር ነው። የሙዚቃ ደራሲው ሚሊ ባላኪሬቭና ጓደኞቹ በኋላ የተከተሉት ይህንኑ መንገድ ነው።