የስሚዝ ተንባይ
የስሚዝ ተንባይ ትእዛዝ ከተሰጠ በኋላ ውጤቱ ዘግይቶ ለሚታይበት የምርት ሂደት የሚያገለግል የአውቶማቲክ ቁጥጥር መዋቅር ነው። በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩት ኦቶ ስሚዝ በ1957 እ.ኤ.አ. አቀረቡት።

መቆጣጠሪያው የሂደቱን ሒሳባዊ ሞዴል ይይዛል። ሞዴሉ መዘግየት የሌለበትን ግምት ወዲያው ይሰጠዋል፤ የዘገየው ግምት ደግሞ ከእውነተኛው ልኬት ጋር ይነጻጸርና ልዩነቱ ይታከላል። ሞዴሉ ልክ ከሆነ መዘግየቱ መረጋጋትን አያውክም፤ ራሱ መዘግየቱ ግን አይጠፋም።

ድክመቱ ለሞዴል ስሕተት ያለው ተጋላጭነት ነው። በሴኮንድ 1 ሜትር በሚጓዝ ማጓጓዣ ቀበቶ ላይ መለኪያው ከመመገቢያው 20 ሜትር ቢርቅ መዘግየቱ 20 ሴኮንድ ይሆናል። ፍጥነቱ ወደ 0.8 ሜትር ሲወርድ መዘግየቱ 25 ይደርሳል፤ ሞዴሉ ግን 20 እንደሆነ ይቀራል። መቆጣጠሪያው በ2 ሴኮንድ የጊዜ ቋሚ እንዲመልስ ተስተካክሎ ከነበረ ውጤቱ እየሰፋ በሚሄድ ፈጣን መዋዠቅ ይናወጣል። ሌላው የሞዴሉ ክፍል ልክ እስከሆነ ድረስ፣ የጊዜ ቋሚው ከስሕተቱ፣ ማለትም ከ5 ሴኮንድ፣ ካላነሰ መረጋጋቱ ይጠበቃል፤ ምላሹ ግን ይዘገያል። የተሻለው መፍትሔ የሞዴሉን መዘግየት ከሚለካው የቀበቶ ፍጥነት ጋር አብሮ መቀየር ነው።