ሬክቲፋየር ከማለስለሻ ካፓሲተር ጋር

ሬክቲፋየር ተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ ጅረትን (ኤሲ) ወደ ቀጥተኛ ጅረት (ዲሲ) የሚቀይር ሰርኪዩት ነው። የግማሽ ሞገድ ሬክቲፋየር አንድ ዳዮድ ብቻ ስላለው የሞገዱን አንድ ጎን ብቻ ያሳልፋል። የሙሉ ሞገድ ሬክቲፋየር፣ ለምሳሌ አራት ዳዮድ ያለው ብሪጅ፣ ሁለቱንም ጎኖች ይጠቀማል። ከውጤቱ ጋር ጎን ለጎን የሚገናኘው ካፓሲተር በሞገዱ ጫፍ ላይ ይሞላል፤ ቮልቴጁ ሲወርድ ደግሞ ለሎዱ ጅረት ይሰጣል። በዚህ መካከል የሚታየው የቮልቴጅ መዋዠቅ ሪፕል ይባላል።

የሪፕል ስሌት

ካፓሲተሩ በሁለት ጫፎች መካከል ያለውን ጊዜ ሁሉ ሎዱን ብቻውን ይመግባል ተብሎ ከታሰበ፣ ሪፕሉ እንዲህ ይገመታል፦

Vr = I × T / C

በኢትዮጵያ የመብራት ኃይል ድግግሞሽ 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ T ለግማሽ ሞገድ 20 ሚሊሰከንድ፣ ለሙሉ ሞገድ 10 ሚሊሰከንድ ነው።

ለምሳሌ ትራንስፎርመሩ በቮልትሜትር 12 ቮልት ኤሲ ቢሰጥ፣ ጫፉ 12 × 1.414 ≈ 17 ቮልት ነው። በብሪጁ ውስጥ ጅረቱ በሁለት ዳዮዶች ስለሚያልፍ 1.4 ቮልት ገደማ ይቀነሳል፤ 15.6 ቮልት ይቀራል። ሎዱ 0.5 አምፒር፣ ካፓሲተሩ 4700 ማይክሮፋራድ ቢሆን፦

Vr = 0.5 × 0.010 / 0.0047 ≈ 1.06 V

ስለዚህ ዝቅተኛው ቮልቴጅ 14.5 ያህል ነው። ስሌቱ የሚሠራው ሪፕሉ ከጫፉ ቮልቴጅ አንጻር ትንሽ ሲሆን ነው።

የዳዮዱ ከፍተኛ ጅረት

ዳዮዱ የሚያስተላልፈው ቮልቴጁ ወደ ጫፉ ሲቃረብ ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው። በምሳሌው ይህ ጊዜ ከ10 ሚሊሰከንድ ውስጥ 1.2 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። የጠፋው ቻርጅ ሁሉ በዚህች ጊዜ መመለስ ስላለበት ጅረቱ በኃይል ይዘላል፦

Ip ≈ I × (1 + 2π√(Vp / 2Vr)) ≈ 9 A

ሎዱ ግማሽ አምፒር ብቻ ቢወስድም ዳዮዱ በየጊዜው 9 አምፒር ያህል ያሳልፋል። የትራንስፎርመሩ ጥቅል ሬዚስታንስ ይህን ስለሚቀንሰው እውነተኛው ጅረት ከስሌቱ ያንሳል። ካፓሲተሩን እጥፍ ማድረግ ሪፕሉን በግማሽ ቢቀንስም፣ የዳዮዱን ከፍተኛ ጅረት ወደ 13 አምፒር ያሳድገዋል፤ ትራንስፎርመሩም ይበልጥ ይሞቃል።

የተበላሸ ዳዮድ ምልክት

ከብሪጁ ዳዮዶች አንዱ ቢቋረጥ ሰርኪዩቱ ሥራውን አያቆምም፤ ወደ ግማሽ ሞገድ ይለወጣል። ሪፕሉ ወደ 2.1 ቮልት ያድጋል፣ ዝቅተኛው ቮልቴጅም 13.5 ይሆናል። ከኋላው ቢያንስ 14 ቮልት የሚፈልግ ባለ 12 ቮልት ሬጉሌተር ካለ፣ ውጤቱ በየሞገዱ ይወርዳል፤ በድምፅ ማጉያም ጉምጉምታ ይሰማል። በኦሲሎስኮፕ ሲታይ ጤናማ ብሪጅ 100 ኸርዝ ሪፕል ያሳያል፤ 50 ኸርዝ ከታየ ግን አንድ ጎን መሥራት አቁሟል ማለት ነው። ካፓሲተሩ ራሱ ደክሞ ከሆነ ሪፕሉ ቢያድግም ድግግሞሹ 100 ኸርዝ እንደሆነ ይቆያል።