ሸክላ የማይለቀው እርሾ

የፋሲካ ጽዳት ሲባል መጥረጊያና ውሃ ነው አይደል ትዝ የሚለን? የጎንደር ቤተ እስራኤሎች ግን በዓሉ ሲቃረብ አሮጌውን ድስትና ቡሃቃ ሰብረው በአዲስ ይተኩ ነበር። ሸክላ የገባበትን ይመጥጣላ! ሊጥ የተቦካበት ዕቃ ምንም ቢታጠብ እርሾው አይለቅም። በዓሉ ደግሞ ሰባት ቀን የቦካ አይቀመስበትም፤ እንጀራም ጠላም የለም፣ ለእንግዳም የሚቀርበው ቂጣ ነው።

ሸክላ ሠሪዎቹ ራሳቸው ሴቶቹ ስለሆኑ (ወለቃን ያየ ያውቃል) ሥራው ቀደም ብሎ ይጀመራል። በደንብ ሳይደርቅ እሳት የገባ ድስት ይሰነጠቃል፤ ያኔ በዓሉ ያለ ዕቃ ሊደርስ ነው።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን እስራኤል የገቡትን እናቶች የጠበቃቸው የብረት ድስት ነበር። እሱን ማን ይሰብረዋል? እዚያ አገር በፈላ ውሃ ነው የሚነከረው።