«ልጁ ያነባል»፦ ሁለት አንድ ዓይነት ፊደሎች ሲዋሃዱና ሲለያዩ

«ልጁ ማታ ማታ ያነባል።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ለሁለት ሰው ብትሰጡ፣ አንዱ «ጎበዝ ተማሪ ነው» ሊል ይችላል፤ ሌላው ደግሞ «ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱም አልተሳሳቱም። «ባ»ን አጥብቆ ላነበበው ሰው ቃሉ የ«አነበበ» ነው። አላልቶ ላነበበው ደግሞ የ«አነባ» ነው፤ እንባ አፈሰሰ ማለት። በወረቀቱ ላይ ያለው ግን ያው አንድ ቃል ነው።

ታዲያ «አነበበ» ላይ ሁለት «በ» ነበሩ። «ያነባል» ላይ አንዱ የት ገባ?

ለመልሱ ወደ ግእዝ እንመለስ። በግእዝ «ነበበ» ማለት ተናገረ ማለት ነው። «አንበበ» ደግሞ ከእሱ የወጣ ነው፤ ጽሑፉን እንደ ማናገር ነው፣ ማንበብ። ሥሩ ን-ብ-ብ ስለሆነ ሁለተኛውና ሦስተኛው ፊደል አንድ ዓይነት ናቸው። ግእዝ ይህን ግስ ወደ ትንቢት ሲወስደው «ያነብብ» ይላል፤ ሁለቱም «ብ» በቦታቸው አሉ። ምክንያቱም በግእዝ ትንቢት መካከለኛው ፊደል ይጠብቃል። የጠበቀ ፊደል ደግሞ ቀጥሎ ከሚመጣው መንታው ጋር ሊዋሃድ አይችልም፤ ሦስት «ብ» በአንድ ትንፋሽ አይወጣምና።

አማርኛ ግን እንዲህ ባሉ ግሶች ትንቢት ላይ ያን ጥብቀት አላስቀረም። «ሰበረ» ስንል «በ» ይጠብቃል፤ «ይሰብራል» ስንል ይላላል። እንግዲህ መካከለኛው ፊደል ሲላላና ከመንታው የሚለየው አናባቢ ሲጠፋ፣ ሁለቱ ተጣብቀው አንድ ጠባቂ ፊደል ይሆናሉ። «ያነባል» የተወለደው እንዲህ ነው። በድሮ መጻሕፍት «ያነብባል»፣ «ይወድዳል»፣ «ወድዶ» የሚል አጻጻፍ ካያችሁ፣ ጸሐፊው ሁለቱን የሥር ፊደላት በወረቀት ላይ ማስቀረት መርጧል ማለት ነው። «ያነባል»፣ «ይወዳል»፣ «ወዶ» ብሎ የጻፈው ደግሞ ጆሮው የሰማውን ተከትሏል።

ውህደቱ ግን ሁሌ አይመጣም። «ወደደ»ን ይዘን እንየው። «ወደደ» ላይ በሁለቱ «ደ»ዎች መሀል አናባቢ አለ፤ ስለዚህ አይዋሃዱም። «ውደድ»፣ «መውደድ» እና «ይወደዳል» ላይም እንደዚያው ነው። «ይወዳል» ላይ ግን መሀላቸው ባዶ ነው፤ ተዋሃዱ። ቦዝ አንቀጹም እንዲሁ ነው፦ ወዶ፣ ወዳ፣ ወደህ፣ ወደሽ፣ ወደን፣ ወደው። ሁሉም ላይ «ድ» አንድ ናት፣ ግን ጠባቂ ናት።

እዚህ መስመር ላይ አንድ አፈንጋጭ አለ፦ «እኔ»። «እኔ ወጄ» አንልም፤ «ወድጄ» ነው የምንለው። በአንደኛ መደብ ቦዝ የመጨረሻው ፊደል ራሱ ይጠብቃል፤ «ሰብሬ» ላይ «ሬ»ን አጥብቀን እንደምንለው ማለት ነው። ያ ፊደል ከጠበቀ መንታው ሊጣበቅበት አይችልም፣ ስለዚህ ትንሽ አናባቢ ገብታ ትለያቸዋለች። ከዚያ «ድ» ወደ «ጅ» ተለውጦ «ወድጄ» ይሆናል። «ቀዶ» ብለን «ቀድጄ»፣ «ከቦ» ብለን «ከብቤ» የምንለው በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ደግሞ «ዘለለ» እና «ደለለ»ን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ኃላፊያቸው ሲነገር ልክ መንትያ ናቸው፤ በሁለቱም ላይ መካከለኛው «ለ» ይጠብቃል። ቦዛቸው ግን «ዘሎ» እና «ደልሎ» ነው። ትንቢታቸውም «ይዘላል» እና «ይደልላል»። «ደላላው ገዢውን ይደላል» የሚል ሰው አትሰሙም፤ «ይደላል» የተመቸ ነገር ነው፣ ከ«ደላ» የመጣ።

ልዩነቱ «ደለለ» መካከለኛ ፊደሉን በየትኛውም መልኩ ላይ አጥብቆ የሚይዝ ግስ መሆኑ ነው። «ዘለለ» ግን የሚያጠብቀው ኃላፊው ላይ ነው፤ ትንቢቱና ቦዙ ላይ ይለቃል። ደስ የሚለው፣ ይህ ልዩነት በፊደል ይታያል። ግሱን ወደ ንዑስ አንቀጽ ውሰዱትና ከ«መ» ቀጥሎ ያለውን ፊደል እዩ። ሳድስ ከሆነ (መዝለል፣ መውደድ፣ መቅደድ፣ መክበብ) ትንቢቱ ላይ ይዋሃዳል። ግእዝ ከሆነ ግን (መደለል) ተለያይቶ ይቀራል።

ወደ ልጁ እንመለስ። «ያነባል» ሲያጠራጥራችሁ ግሱን ወደ ቦዝ ለውጡት። የሚያነበው ልጅ «አንብቦ» ተኛ፤ የሚያለቅሰው ልጅ «አንብቶ» ተኛ። «አንብቦ» ላይ ሁለቱ «ብ» ተለያይተው የቆሙት «ን» ያለ አናባቢ ስለቀደማቸው ነው፤ ተዋህደው ቢሆን ኖሮ «ን» ከጠባቂ «ብ» ጋር ተጋጭታ ለአፍ ትከብድ ነበር። «ወረቀቱን ይቀዳል» የሚለውም በዚሁ መንገድ ይፈታል። «ቀዶ» ካለ ወረቀቱ ተቀዷል፤ «ቀድቶ» ካለ ግን ተገልብጧል። ሐኪም ቤት የምንሰማው «ቀዶ ጥገና» ከየትኛው እንደሆነ አሁን ግልጽ ነው፦ ቀደደ፣ ከዚያ ጠገነ።

አማርኛን ከእናቱ አፍ የሰማ ሰው ይህን ሁሉ ሳያስብ ያደርገዋል። ካቺሲ ላይ ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ከአምቦ በስተሰሜን፣ ግንደ በረት ውስጥ ያለችው ይህች ከተማ በኦሮምኛ የምትኖር ከተማ ናት። ተማሪው መጀመሪያ የሚማረው በቁቤ ነው፤ አማርኛ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ኋላ ይመጣል። በቁቤ የጠበቀ ድምፅ ብዙውን ጊዜ ፊደሉ ሁለቴ ተደርቦ ይጻፋል። «በዳ» የሚለውን የኦሮምኛ ቃል እንውሰድ። ሲላላ ክፉ ማለት ነው፣ ሲጠብቅ ደጋ። በቁቤ ሁለቱ በአጻጻፍ ይለያሉ፤ በሳባ ፊደል ከተጻፉ ግን አይለዩም። አናሲሞስ ነሲብ በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ያዘጋጀው በሳባ ፊደል ነበር። በ1984 ዓ.ም. ቁቤ ሲመረጥ ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱም ይኸው የጥብቀት ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ጥብቀትን በዓይኑ ማየት የለመደው የካቺሲ ተማሪ «ያነባል» ላይ ሲደርስ አንድ «ባ» ብቻ ያያል። ላልቶ ቢያነበው አይፈረድበትም፤ ፊደሉ የነገረው ያንኑ ነው። «ያነብባል» ተብሎ ቢጻፍለት ግን የሚያለቅስ ልጅ በአእምሮው አይመጣም ነበር።

ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን ችግር ያዩ ደራሲ ናቸው። በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ በሚጠብቁ ፊደላት አናት ነጥብ አስቀምጠዋል። ነጥቡ አልተለመደም። ዩኒኮድ በ2005 እ.ኤ.አ. ለጥብቀት ምልክት U+135F የሚል ቁጥር ሰጥቷል፤ ስለዚህ «ያነባ፟ል» ብሎ መጻፍ ይቻላል። በየቀኑ ስንጻጻፍ ግን ማንም አያስገባውም።

ምልክቱ እስኪለመድ አንባቢውን ላለማሳሳት የቀረው አሮጌው መንገድ ነው። «እሳቱ ይነዳል» ያላችሁ እንደሆነ፣ «መኪና ይነዳል» ከሚለው ለመለየት አንድ «ድ» ጨምሩበት፦ «እሳቱ ይነድዳል»። ስታነቡት ያችን «ድ» ላትሏት ትችላላችሁ። የተጻፈችው ግን ለአፋችሁ ሳይሆን፣ አማርኛን ከወረቀት ለሚማረው ልጅ ነው።